18 ከረጢት ሲሚንቶ የት ገባ? ሳጥንና ሚዛን ያልተስማሙበት ሳይት (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ጉዳዩ የጀመረው በስቶር ጭቅጭቅ ነው። 24 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ለሚፈጅ ሶሌታ 154 ከረጢት ሲሚንቶ ወጣ። ሥራው ገና ጥግ ሳይደርስ ሲሚንቶው አለቀ። ተጨማሪ ተጠይቆ በ172ኛው ከረጢት ሶሌታው ተዘጋ። ስቶር ኪፐሩ ፎርማኑን ጠረጠረ። ፎርማኑ ሚክሰር ላይ የነበሩትን ልጆች ጠረጠረ። ልጆቹ ደግሞ የአሸዋና የጠጠር መለኪያ ሳጥኑን ያሠራውን መሃንዲስ።

እኔ የተጠራሁት ከሁለት ቀን በኋላ ነው፣ እሱም ስለ ሲሚንቶው አልነበረም። ፎርምወርኩ ሲፈታ ከሶሌታው ጋር አብሮ የተሞላው ቢም ጎኑ ላይ ጠጠሩ ተራቁቶ ታየ። ሃኒኮምብ የምንለው ማለት ነው። ሙሌቱ ላይ የነበረ ግንበኛ «ጠጠሩ በዝቶብን ነበር፣ የሲሚንቶ ውሃውም በፎርምወርኩ ስንጥቅ ይወርድ ነበር» አለኝ። ሲሚንቶ ከታሰበው በላይ ገብቶ ኮንክሪቱ ግን ጠጠር የበዛበት ሆነ። ሁለቱን አብሬ ስሰማ ስርቆት የሚለውን ሐሳብ ወዲያው ተውኩት። የተሰረቀ ሲሚንቶ ቅልቅሉን ያሳሳዋል እንጂ አሸዋውን አይቀንሰውም።

የሳይቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠራም። ማንም አላጭበረበረም፣ ማንም ሰነፍ አልነበረም። ለዚህም ነው መጻፉ ይጠቅማል ያልኩት።

ሳይቱ እንዴት ይሠራ ነበር

ሚክስ ዲዛይኑ የመጣው ከላብራቶሪ ነው፣ በክብደት። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 320 ኪሎ ሲሚንቶ፣ 720 ኪሎ ደረቅ አሸዋ፣ 1150 ኪሎ ጠጠር፣ 176 ሊትር ውሃ። ሳይቱ ላይ ግን ሚዛን የለም። ሚክሰሩም የሚወስደው አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ያለበትን ባች ነው። ስለዚህ መሃንዲሱ ሁሉንም ወደ አንድ ከረጢት አወረደው። 50ን ለ320 ሲያካፍል የደረሰበት ቁጥር ይህ ነው፤ ለአንድ ከረጢት 112.5 ኪሎ አሸዋ፣ 180 ኪሎ ገደማ ጠጠር፣ 27.5 ሊትር ውሃ።

እስከዚህ ድረስ ምንም ችግር የለም። ችግሩ ያለው ቀጣዩ እርምጃ ላይ ነው፤ ኪሎውን ወደ ሊትር መቀየር፣ ሊትሩን ደግሞ ወደ ሳጥን። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ በልክ ዴንሲቲ። አንድ ሜትር ኩብ የሚሞላ አሸዋ ወይም ጠጠር፣ በፍሬዎቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሳይቀነስ፣ ስንት ኪሎ ይመዝናል? መልሱ እሱ ነው።

መሃንዲሱ ቁጥሩን ያገኘው ከላብራቶሪው ወረቀት ነው። ወረቀቱ በፓውንድ በኩቢክ ጫማ የተጻፈ ነበር፤ ጠጠሩ 98.6፣ አሸዋው 106። እኔም እንደማንኛውም ሰው መጀመሪያ የጠረጠርኩት ይህንን ቅየራ ነው። ሠርቼ አየሁት፦

```
98.6 × 16.018 = 1579  → 1580
106  × 16.018 = 1698  → 1700
```

ትክክል ነው። 16.018 የሚመጣው 1 ፓውንድ 0.4536 ኪሎ፣ 1 ኩቢክ ጫማ ደግሞ 0.02832 ሜትር ኩብ ስለሆነ ነው፤ አንዱን ለሌላው ማካፈል። ለማረጋገጥ የምወደው ዘዴ ውሃ ነው። ውሃ በፓውንድ በኩቢክ ጫማ 62.4 ነው፤ በ16.018 ሲባዛ ወደ 1000 ይጠጋል። ካልተጠጋ የያዝከው ማባዣ ተሳስቷል። ወረቀቱ በግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ወይም በኪሎ በሊትር ቢሆን ኖሮ በ1000 ማባዛት ብቻ ይበቃ ነበር። በኪሎ ኒውተን በሜትር ኩብ የጻፈ ላብራቶሪም አጋጥሞኛል። እሱ በ1000 ተባዝቶ ለ9.81 ይካፈላል፣ ስለዚህ 15.5 ኪሎ ኒውተን ያው 1580 ኪሎ ነው።

ቅየራው ልክ ከሆነ ሳጥኖቹስ? አሸዋው 112.5 ለ1700፣ 66 ሊትር። ጠጠሩ 180 ለ1580፣ 114 ሊትር። መሃንዲሱ ከጣውላ ሁለት ዓይነት ሳጥን አሠራ፣ ሁለቱም ስፋታቸው 50 በ40 ሴንቲ ሜትር። የአሸዋው ቁመት 16.5፣ ይዘቱ 33 ሊትር፣ በባች ሁለት ሳጥን። የጠጠሩ ቁመት 19፣ ይዘቱ 38 ሊትር፣ በባች ሦስት ሳጥን። ሜትር አውጥቼ ለካኋቸው። አናጢው እጁ ይባረክ፣ ሚሊ ሜትር አልሳተም። ስሌቱ ልክ፣ ሳጥኑ ልክ፣ ቅየራው ልክ ሆኖ ኮንክሪቱ ግን ልክ አልሆነም።

ወረቀቱ የማይናገረው

ወረቀቱን እንደገና ሳገላብጠው ከቁጥሩ አጠገብ በትንሹ «ሮድድ» የሚል ቃል አለች። ሁሉም ነገር ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ኤኤስቲኤም ሲ 29 በተባለው የሙከራ መመሪያ መሠረት ላብራቶሪው በልክ ዴንሲቲ ሲለካ መጀመሪያ አግሪጌቱን፣ ማለትም አሸዋውን ወይም ጠጠሩን፣ በምድጃ ያደርቀዋል። ከዚያ የታወቀ ይዘት ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ በሦስት ድርብርብ ይሞላዋል፤ እያንዳንዱን ድርብርብ በ16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብረት 25 ጊዜ ይወጋዋል። ይህ የተጠቀጠቀ ቁጥር ነው። ፍሬዎቹ ተጠጋግተዋል፣ ባዶው ቦታ አንሷል። ያው መመሪያ ሌላ መንገድም አለው፤ አግሪጌቱን ከዕቃው አፍ በላይ ከ5 ሴንቲ ሜትር ከማይበልጥ ከፍታ በአካፋ ቀስ ብሎ እየሞሉ፣ ሳይጠቀጥቁ ማስተካከል። ይህ የልል ቁጥሩን ይሰጣል።

የተጠቀጠቀው ቁጥር ለሚክስ ዲዛይን ያስፈልጋል፤ ላብራቶሪው በኮንክሪቱ ውስጥ ስንት ጠጠር እንደሚገባ የሚወስነው በእሱ ነው። ሳይት ላይ ግን ሳጥኑን የሚሞላው ልጅ ጠጠሩን በብረት አይወጋም፣ አሸዋውንም በምድጃ አያደርቅም። መሃንዲሱ የደረቀና የተጠቀጠቀ ዕቃ ቁጥር ወስዶ ልልና እርጥብ ለሆነ ዕቃ ሳጥን ሠራ። አንዳንዶች ከዚህ የባሰ ያደርጋሉ፤ ስፔሲፊክ ግራቪቲውን፣ ማለትም 2.65ን ወይም 2.68ን፣ ለሳጥን ይጠቀሙበታል። እሱ የድንጋዩ ብቻ ነው፣ ባዶውን ቦታ አይቆጥርም። ኪሎ በሜትር ኩብ ሲሆን 2680 ይላል። ከ2000 በላይ የሆነ የተለመደ ጠጠር «በልክ ዴንሲቲ» ካየሁ ወዲያው እጠይቃለሁ።

ሳይት ላይ የለካነው

ላብራቶሪ መላክ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ እዚያው ሠራነው። 15 ሊትር ገደማ የሚይዝ ጠንካራ የብረት ዕቃ አገኘን። ጠጠሩ ትልቁ ፍሬው 25 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ይህ መጠን ይበቃል፤ ለትልቅ ጠጠር ትንሽ ዕቃ ከተጠቀምክ የግድግዳው ክፍተት ቁጥሩን ያበላሸዋል።

መጀመሪያ የዕቃውን ይዘት አረጋገጥን። «15 ሊትር» ተብሎ የተጻፈበትን አላመንኩም። ባዶውን መዘንነው፣ 4.20 ኪሎ። ውሃ እስከ አፉ ሞልተን፣ በመስታወት ሸፍነን አረፋ እንደሌለው አይተን ስንመዝን፣ መስታወቱ ተቀንሶ 19.15 መጣ። ውሃው ብቻ 14.95 ኪሎ ነው። በዚያ ሙቀት ውሃ በሜትር ኩብ 997 ኪሎ ስለሚሆን ይዘቱ 0.0150 ሜትር ኩብ። ለካ ጽሑፉ እውነቱን ነበር። ቢያንስ አሁን አውቀነዋል።

ከዚያ ጠጠሩን ልል አድርገን ሞላን፣ አፉን በቀጥ ያለ ጣውላ አስተካክለን መዘንን። 25.80 ኪሎ። አብሮኝ የሚጽፈው ልጅ ወዲያው 25.80ን ለ0.015 አካፈለና 1720 አለኝ። ልል ጠጠር ከተጠቀጠቀው ሊበልጥ አይችልም! የዕቃውን ክብደት ረስቶ ነው። 4.20 ሲቀነስ 21.60 ኪሎ ይቀራል፦

```
21.60 ÷ 0.015 = 1440
```

ያንኑ ጠጠር በሦስት ድርብርብ ጠቅጥቀን ስንሞላው ደግሞ የተጣራው 23.70 ኪሎ ሆነ፣ 1580 ማለት ነው። የላብራቶሪው ቁጥር ራሱ። ስለዚህ ላብራቶሪው አልተሳሳተም፣ ጠጠሩም አልተቀየረም። ልዩነቱ የአሞላል ብቻ ነው፣ 140 ኪሎ በሜትር ኩብ።

አሸዋው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ከበደ። ከክምሩ እንደወጣ፣ እርጥብ እንደሆነ ሞላነው። የተጣራው 19.50 ኪሎ፣ 1300 ኪሎ በሜትር ኩብ። ወረቀቱ 1700 ይላል! ፎርማኑ ቁጥሩን አይቶ «ኢንጂነር፣ አሸዋው ውሃ ይዞ እንዴት ቀለለ? ውሃ እኮ ይከብዳል» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው፣ ብዙ መሃንዲስም የሚሳሳተው እዚህ ነው።

«ጋሼ፣ ክብደቱ ጨምሯል፤ ግን ከክብደቱ ይልቅ ያበጠው በልጧል» አልኩት። በፍሬዎቹ መካከል ያለው ስስ የውሃ ሽፋን ፍሬዎቹን እንዳይጠጋጉ ያደርጋቸዋል። አሸዋው ያብጣል። ቃሉን ብዙ ሰው ሰምቶታል፣ መጠኑን ግን ያየው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ አሳየሁት። ቀጥ ያለ ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ወስደን እርጥቡን አሸዋ 20 ሴንቲ ሜትር ሞላን። ከዚያ አሸዋውን ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጠን፣ ባዶውን ግማሽ ያህል ውሃ አድርገን፣ አሸዋውን መልሰን እየጨመርን በዘንግ አማሰልነው። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲውጠው ያ ሽፋን ይጠፋል፣ አሸዋውም ወደ ደረቅ ይዘቱ ይመለሳል። ሲረጋ 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ቆመ። 4 ለ16፣ 25 በመቶ አብጧል ማለት ነው። ፎርማኑ ዕቃውን አንስቶ ሁለት ጊዜ አየው።

እርጥበቱንም ለካን። 500 ግራም አሸዋ በመጥበሻ እስኪደርቅ ስናምሰው 476 ግራም ቀረ። 24 ለ476፣ 5 በመቶ። ስለዚህ ከ1300ው ውስጥ ደረቁ አሸዋ 1300 ለ1.05፣ 1238 ኪሎ ብቻ ነው።

ሳጥኑ እውነት ስንት ኪሎ ነበር?

አሁን ሁለቱ በአንድ አሃድ፣ በኪሎ በሜትር ኩብ፣ ስለተቀመጡ ማወዳደሩ ቀላል ሆነ።

114 ሊትር ጠጠር በ1440 ሲባዛ 164 ኪሎ ነው። የሚፈለገው 180። 9 በመቶ ገደማ ጎሏል። 66 ሊትር እርጥብ አሸዋ በ1300 ሲባዛ 86 ኪሎ ነው፤ ከዚህ 82ቱ ብቻ ደረቅ አሸዋ፣ 4ቱ ውሃ። የሚፈለገው 112.5 ነበር። 27 በመቶ ጎሏል።

ሁለቱም እኩል ቢጎድሉ ኖሮ ኮንክሪቱ ሲሚንቶ የበዛበት፣ ውድ ግን ደህና ኮንክሪት ይሆን ነበር። አሸዋው ግን ከጠጠሩ በሦስት እጥፍ ነው የጎደለው። በጠቅላላው አግሪጌት ውስጥ የአሸዋው ድርሻ ከ38 በመቶ ወደ 33 ወርዷል። የግንበኛው «ጠጠሩ በዛ» ይህ ነው። ጠጠሩ አልበዛም፣ እንዲያውም ጎሏል። አሸዋው ሸሽቶ ነው የበዛ የመሰለው።

ሲሚንቶውስ? የአንድ ባች ኮንክሪት ስንት ሊትር እንደሚሆን እያንዳንዱን ዕቃ ለራሱ ስፔሲፊክ ግራቪቲ አካፍሎ መደመር ነው (ስፔሲፊክ ግራቪቲ የሚገባው እዚህ ነው)። ሲሚንቶው 16 ሊትር፣ አሸዋው 31፣ ጠጠሩ 61። ውሃው አሸዋው ይዞት የመጣው ተቆጥሮም ሳይቆጠርም ከ27.5 እስከ 31.6 ሊትር ነው፤ በዓይን ይጨመር ስለነበር በትክክል አላውቀውም። 2 በመቶ አየር ሲታከልበት አንድ ባች ከ138 እስከ 142 ሊትር ይወጣዋል። የተፈለገው 156 ነበር። 24 ሜትር ኩብ ለመሙላት ከ169 እስከ 174 ከረጢት ያስፈልጋል ማለት ነው። የገባው 172 ነው።

ይህን ለስቶር ኪፐሩ ወረቀት ላይ ሳሳየው ዝም አለ፣ ከዚያ ተነስቶ ሄዶ ፎርማኑን ይቅርታ ጠየቀው። ሥራዬ ውስጥ እንዲህ በቀጥታ የሚገጥም ስሌት ብዙ አይገኝም።

የሞከርነው፣ ያልሆነውም

መጀመሪያ የወሰድነው መንገድ ቀላሉ ነው፤ ሳጥኖቹን በሳይቱ ቁጥር መልሶ መሥራት። ጠጠሩ 180 ለ1440፣ 125 ሊትር። የሳጥኑ ቁመት ከ19 ወደ 20.8 ሴንቲ ሜትር አደገ። አሸዋው 112.5 ለ1238፣ 91 ሊትር። ቁመቱ ከ16.5 ወደ 22.7። አናጢው በላዩ ላይ ጣውላ ቀጠለበት። ከሚጨመረው ውሃ ላይም አሸዋው የያዘውን 5.6 ሊትር ቀነስን፤ ስለዚህ 22 ሊትር ገደማ። አሸዋው ራሱ የሚመጠውን ጥቂት ውሃ እዚህ አልቆጠርኩም። አንድ በመቶ ያህል ከሆነ ከእርጥበቱ ላይ መቀነስ ነው፣ ስሌቱ አይለወጥም።

ሁለት ቀን በደንብ ሄደ። ቅልቅሉ ተያያዘ፣ ቫይብሬተሩ ሲገባ ጠጠሩ ይሰምጣል፣ ሲሚንቶውም በተቆረጠው ልክ ወጣ። ሦስተኛው ሌሊት ዘነበ።

ጠዋት ስንመጣ አሸዋው ተሸፍኖ አላደረም። የመጀመሪያው ባች ከሚክሰሩ ሲወጣ እንደ ሾርባ ፈሰሰ። ሁለተኛውም። ሁለቱንም ጣልናቸው። ዕቃችንን አምጥተን ስንለካ አሸዋው 1480 ኪሎ በሜትር ኩብ፣ እርጥበቱ 10 በመቶ፣ ማበጡ ደግሞ ወደ 15 በመቶ ወርዶ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል፣ ምክንያቱም የሚጠበቀው እርጥበት ሲጨምር ማበጡም እንዲጨምር ነው። እስከ ተወሰነ ደረጃ እውነት ነው፤ ከ4 እስከ 8 በመቶ አካባቢ ላይ ጫፍ ይደርስና ከዚያ በኋላ ውሃው ክፍተቱን መሙላት ሲጀምር አሸዋው መልሶ ይወርዳል። በዚያ ጠዋት 91 ሊትሩ ሳጥን 122 ኪሎ ደረቅ አሸዋና 12 ሊትር ውሃ ይዞ ነበር። አሸዋው 10 ኪሎ በዛ፣ ውሃው ከእጥፍ በላይ ሆነ። እኛ ደግሞ ያንኑ 22 ሊትር ጨመርንበት። የውሃና የሲሚንቶው ምጣኔ ከ0.55 ወደ 0.68 ዘለለ።

የአሸዋ ሳጥን አንድ ጊዜ ተሰልቶ የሚተው ነገር እንዳልሆነ ያን ቀን ሁላችንም ገባን። 150 ኪሎ የሚመዝን የመድረክ ሚዛን ተከራየን።

ሚዛኑ ከመምጣቱ በፊት መሃንዲሱ የጠየቀኝ ጥያቄ ጥሩ ነበር፤ «በሚዛንስ ቢሆን እርጥበቱ ያሳስታል አይደል?» ያሳስታል፣ ግን መጠኑ አይገናኝም። እርጥበቱን ጨርሶ ረስተህ 112.5 ኪሎ ባለ 5 በመቶ እርጥብ አሸዋ ብትመዝን ደረቁ 107 ነው፤ የጎደለው 5 በመቶ ብቻ። በሳጥኑ የጎደለው 27 ነበር። እርጥበቱን ካወቅህ ደግሞ 112.5ን በ1.05 አባዝተህ 118 ትመዝናለህ፣ ለ10 በመቶው 124፣ አለቀ። ማበጡ ሚዛኑን አይመለከተውም። ውሃው ላይ ግን ሚዛኑም ቢሆን አያድንህም፤ እርጥበቱን መለካት የግድ ነው።

ሚዛኑ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። ጋሪዎቹ ባዶ ክብደታቸው እስከ 3 ኪሎ ይለያያል፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ ላይ በቀለም ጻፍንበት። ከሁለት ቀን በኋላ ኮንክሪት ተጋግሮባቸው ቁጥሩ ሁሉ ውሸት ሆነ፤ በየጠዋቱ መልሶ መመዘን ግድ አለ። ሚዛኑ የተቀመጠበት መሬት አንድ ጥግ ሲሰምጥ ደግሞ ያሳንስ ጀመር። ይህንን የያዝነው በዚያው በብረት ዕቃችን ነው፤ ውሃ ሞልተን ስናስቀምጠው 19.15 ማለት ነበረበት፣ አላለም። ከሥሩ ወፍራም ጣውላ አነጠፍንለት። ሁሉንም ስንመዝን በሰዓት የሚወጣው ባች ከ12 ወደ 9 ወረደ፣ ሠራተኛውም ማጉረምረም ጀመረ።

በመጨረሻ የረጋነው መሃል ላይ ነው። አሸዋውን በእያንዳንዱ ባች እንመዝናለን፣ ጠጠሩ በሳጥን ይቀጥላል። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ቁጥር አለው። የተለያዩ ሰዎች የሞሏቸውን 10 የጠጠር ሳጥኖች መዝነን ነበር፤ ትንሹ 58.6፣ ትልቁ 61.3 ኪሎ፣ የሚፈለገው 60። ጠጠር ቢረጥብም እንደ አሸዋ አያብጥም። ሳጥኑ አፉ በጣውላ እስከተስተካከለ ድረስ (ቁልል አድርጎ መሙላት ሌላ ታሪክ ነው) ስህተቱ ሁለት ሦስት በመቶ ነው። ፍጥነቱ ወደ 11 ተመለሰ፣ ማጉረምረሙም ቆመ።

ሌላ ሳይት ላይ የሚወሰድ

የበልክ ዴንሲቲ ቁጥር ሲሰጥህ አሃዱን ብቻ አትጠይቅ። ወደ ኪሎ በሜትር ኩብ መቀየር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፣ እዚህም ያሳሳተን እሱ አልነበረም። ልል ነው ወይስ የተጠቀጠቀ? ደረቅ ነው ወይስ ከክምሩ እንደወጣ? መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ለሚክስ ዲዛይን የተሠራ ነው ብለህ ገምት፣ ሳጥን አትሥራበት።

ከተቻለ ዴንሲቲውን ከነጭራሹ ዝለለው። ራሱን ሳጥኑን፣ ራሱ የሚሞላው ልጅ በለመደው አኳኋን ሞልቶት መዝነው። እኛ የድሮውን 38 ሊትር የጠጠር ሳጥን እንዲህ ስንመዝነው የተጣራው 54.8 ኪሎ መጣ፤ ለ0.038 ሲካፈል 1442። ከብረት ዕቃው ጋር በ2 ኪሎ ብቻ ተለያየ። ልጁ ከወገቡ ከፍታ ቢወረውረው ወይም ሳጥኑን ቢያንቀጠቅጠው ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል፣ እሱም ራሱ የሚፈለገው መረጃ ነው።

ሲሚንቶ ከታቀደው በላይ ካለቀ ከጥርጣሬ በፊት የባቹን ይዘት አስላ። የኪዩብ የጥንካሬ ሙከራ ውጤት እስኪመጣ አትጠብቅ፤ አሸዋ የጎደለው ቅልቅል ሲሚንቶው ስለሚበዛ ኪዩቡ አልፎ ሊያሳስትህ ይችላል፤ ቢሙ ላይ ግን ጠጠሩ ተራቁቷል።

ሳይቱ ላይ ሌላ የአሸዋ ጭነት ሲመጣ በስልክ ደውለውልኝ ነበር። የፊተኛው ሻካራ፣ የአሁኑ ደቃቅ ነው። ደቃቅ አሸዋ በተመሳሳይ እርጥበት ይበልጥ ያብጣል፣ ሚዛኑን ግን ይህ አይመለከተውም፤ የሚያሳስበው ውሃው ነው። «ከውሃው ላይ ምን ያህል እንቀንስ?» አለኝ መሃንዲሱ። አላውቅም፣ ለኩት አልኩት። ከጀርባው የፎርማኑ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ መጥበሻውን የወሰደው ማን እንደሆነ እየጠየቀ።